ሦስት ጽሑፍ ለአንድ ግድግዳ

ሃዋኒ ሌታ ያንን ሥዕል በገዛ እጇ እንዳፈረሰችው ታምናለች። ዶማ አልያዘችም፤ የያዘችው ብዕር ነው። ብዕር ደግሞ ምን ያፈርሳል የሚል ካለ ቁጭ ብሎ ይስማ።

ሥዕሉ የነበረው ከእንጭኒ ወጣ ብላ ባለች፣ ሃዋኒ ክርስትና በተነሳችባት የገጠር ማርያም ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ግራና ቀኝ መላእክት ሰይፍ መዘዋል፤ ከእግሯ ሥር አንድ ሰው ተደፍቷል። በጨርቅ ላይ የተሣለ ቢሆን ተልጦ ይወሰድ ነበር። ግን በጭቃው ልስን ላይ ነው በቀጥታ የተሣለው፤ ግድግዳው ከሄደ እሱም ሄደ። የሕንፃ ኮሚቴው ደግሞ አሮጌውን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ቆርጦ ተነሥቷል። ጊዜው ለውጥ መጣ ከተባለ በኋላ ነው፤ ሰው ሁሉ አዲስ ነገር አማረው።

ሃዋኒ የሥዕል ታሪክ አዲስ አበባ ተምራ አምቦ በባህል ሥራ የተቀጠረች ናት። የኮሚቴውን ሰብሳቢ ኦቦ ኤጄታን ደጅ ጠንታ ጠንታ አንድ ዕድል አገኘች።

"ጻፊልን። ከቅዳሴ በኋላ ዲያቆኑ ለሕዝቡ ያነብባል" አሏት። "ካሳመንሽን ሥዕሉ ያለበትን የምዕራቡን ግድግዳ አንነካም፤ አዲሱን ከእሱ ጋር አያይዘን እንሠራለን። ግን ልጄ፣ ሰው በጾም አንጀቱ ነው የሚሰማሽ፤ በአንድ እሑድ አንድ ጽሑፍ ብቻ።"

ሃዋኒ ተስማማች። ስለ አንድ ሥዕል በሦስት መንገድ እንደሚጻፍ ተምራለች፤ ሦስቱን ለሦስት እሑድ አከፋፈለቻቸው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ተጀመረ።

የመጀመሪያው የቅርጽ ትንተና ነው። ታሪክ የለ፣ መጽሐፍ የለ፤ ዓይን ያየውን ብቻ። ወፍራም ጥቁር መስመር እያንዳንዱን አካል ከቢጫው መደብ እንደሚለየው፣ ጥላም ጥልቀትም እንደሌለ ጻፈች። የእመቤታችን ሰማያዊ ካባ ግማሹን ግድግዳ ይዞ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ የካባው እጥፋቶች ቁልቁል ሲወርዱ የተመልካቹን ዓይን ይዘው ሄደው የተደፋው ሰው ላይ ይጥሉታል። እሱ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ ሲመልሱ እሱ ብቻ በጎኑ ተሥሏል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። ይህን ሁሉ አንድም ሳትስት ጻፈች።

ዲያቆኑ አነበበ፤ ሰው ሳለ፣ ነጠላውን አስተካከለ። "ይሄንንማ እናያለን፤ ዕውር አይደለንም" አሉ አንድ ሽማግሌ። ሃዋኒ እንዴት እንደተሣለ ተናገረች እንጂ ለምን መቆም እንዳለበት አልተናገረችም።

ሁለተኛው የምስሉ ትርጉም ትንተና ነው፤ የታየው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍና ከሌሎች ሥዕሎች ጋር እያስተያዩ መፍታት። ይህ ዓይነቱ ሥዕል ምስለ ፍቁር ወልዳ እንደሚባል፣ በግንባሯ ላይ ያለው ኮከብ የድንግልናዋ ምልክት እንደሆነ፣ የልጇ መጽሐፍ ወንጌል እንደሆነ፣ ሚካኤልና ገብርኤል እንደ ዙፋን ጠባቂ እንደቆሙ አብራራች። የተደፋው ሰው ከአጠገቡ ስሙ ተጽፏል፤ ፊታውራሪ እንግዳወርቅ ይላል። "ሥዕሉን ያሣለ፣ ምሕረት የሚለምን ባለስለት" ብላ አለፈችው። በስንት ቤተ ክርስቲያን ያየችው ቦታ ነዋ፤ እንደገና ልየው አላለችም።

በዚህኛውስ ቄሱ ተደሰቱ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሃዋኒ ልቧ ሞላ። ወዲያው ኦቦ ኤጄታ ተነሡ። "ተባረኪ፣ ገባን። ትርጉሙ ያለው ከመጽሐፍ ከሆነ መጽሐፉ አልጠፋብንም። ሠዓሊ ጠርተን ይህንኑ በአዲሱ ግድግዳ ላይ እናሥላለን።"

እውነታቸውን ነው። የጻፈችው ይህ ሥዕል ከሌሎቹ ጋር የሚጋራውን ነበር። የዚህ ግድግዳ ብቻ የሆነው ሁሉ በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ነበር፤ ያንን ደግሞ ሰሚ አላገኘም።

በጭንቀት ወደ ሦስተኛው ሮጠች፤ ማኅበራዊ ታሪክ ይሉታል። ማን አዘዘው፣ በማን ጉልበት ተሠራ፣ ማን እንዲያየው ተሣለ ብሎ መጠየቅ። ገበያ ውላ ሽማግሌዎችን አናገረች። ፊታውራሪው የአካባቢው ባለ መሬት ነበር። ጭሰኞቹ የራሳቸውን ማሳ ትተው ለሕንፃው ጭቃና እንጨት ያመላልሱለት ነበር፤ እምቢ ያለው ከመሬቱ ተነቅሏል። ራሱንም ሕዝቡ በሚሰግድበት በኩል አሣለ፤ ለእመቤታችን የሰገደ ሁሉ ወደ እሱም እንዲጎነበስ። ሃዋኒ ይህንን ሳትቀባባ ጻፈች። ግድግዳው የአባቶቻቸው ላብ ነው፤ ይህን ከሰሙ ያዝኑለታል ብላ ነበር።

ዲያቆኑ ሲጨርስ ማንም አላሳለም። የኦቦ ኤጄታ አያት ከተነቀሉት አንዱ ነበሩ፤ ሃዋኒ በምን ታውቅ?

"ዕድሜዬን ሙሉ ለእሱ ስጎነበስ ኖሬያለሁ?" አሉ። "ይፍረስ።" ሕዝቡም ይፍረስ አለ።

ከአጥሩ ሥር ስታለቅስ ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ አዛውንት መጡ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያዘዘውን ስትጠይቂ ዋልሽ። የሣለውን ለምን አልጠየቅሽም? አጎቴ ፈዬራ ነው። የጭሰኛ ልጅ ነበር፤ አባቱን ያ ፊታውራሪ ነቅሏቸዋል።"

ሃዋኒ ተመልሳ ገባች፤ ሥዕሉን ቀና ብላ አየች። በእኛ ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይን አለው፤ በጎን ተሥሎ ባንድ ዓይን የሚቀረው ይሁዳ ነው፣ ጌታን የሰቀለው ነው፣ ሰይጣን ነው። ይህን ሕግ ተማሪ ሳለች ጀምራ ታውቀዋለች! ዓይኑን በመጀመሪያው ጽሑፍ አይታዋለች፤ በሁለተኛው ሕጉን ትታ በልማድ ባለስለት አለችው፤ በሦስተኛው ግፉን ቆጠረች። ሦስቱን ባንድ ገጽ አላገናኘቻቸውም እንጂ ነገሩ ግልጽ ነበር። ፈዬራ የጌታውን ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ጌታውን በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ከኃጥአን ቆጥሮታል። የካባውም እጥፋት ሁሉ ዓይንን ወደዚያ የሚወስደው ሰው እንዲያየው ነው። ሥዕሉ የጭሰኞቹ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ይህንን ቆማ ተናገረች። ኦቦ ኤጄታ በትዕግሥት ሰሟት።

"መጀመሪያ መስመርና ቀለም ነው አልሽ። ቀጥለሽ ምሕረት ለማኝ ነው አልሽ። ከዚያ ግፈኛ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የተፈረደበት ነው። ልጄ፣ ሽምግልና ላይ ቃሉን እንዲህ የሚለዋውጥ ምስክር ምን ይደረጋል?"

"አልለወጥኩም ኦቦ። ሥዕሉ ያው አንድ ነው፤ አራቱም እኮ..." የገዛ ድምፅዋ ለራሷም የውሸታም ሆነባት። "ኦቦ ጃርሶ ይመስክሩልኝ።"

"ጃርሶ ለአጎቱ?" አሉ ኦቦ ኤጄታ። "ዘመድ ለዘመዱ አይመሰክርም።" ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ግድግዳው ሰኞ ወደቀ። ጭቃ ነውና ብዙ አላስቸገረም።

አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ሃዋኒን ጠሯት። እመቤታችን አለች፤ ኮከቡ፣ መጽሐፉ፣ መላእክቱ፣ አንድም የጎደለ የለም፤ ሠዓሊው የሣለው የእሷን ሁለተኛ ጽሑፍ ይዞ ነው። ከሥር የባለስለት ቦታ ስላለ ሲሚንቶውን የሰጡት ኦቦ ኤጄታ ተደፍተዋል፤ ከነኮታቸው፣ ፊታቸው ወደ ሕዝቡ ተመልሶ። የነዚያ ጭሰኞች የልጅ ልጆች ወደዚያ እየዞሩ ይሰግዳሉ።

ኦቦ ኤጄታ አፈር ብለው፣ ደስም ብሏቸው፣ ክንዷን ያዙ። "ለበሩ የሚለጠፍ ጻፊልን ልጄ። ያንን ሁለተኛውን ዓይነት አድርጊው፤ የጠቀመን እሱ ነው።"

ሃዋኒ ማንን ልታስረዳ? ምኑን አሳይታ?

ጻፈችላቸው። እስካሁን በሩ ላይ ተለጥፏል፤ አንድ ስሕተት የለበትም።