ሦስት ኩንታል ስኳር

ዳኘው የመዝገብ ሰው ነበር። የአንበሳሜ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር መጥቶ ፋብሪካ ከገባ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት በዕቃ ግምጃ ቤት ሲሠራ የእሱ ቁጥር ተሳስቶ አያውቅም ይባል ነበር። ቀበሌው የኅብረት ሱቁን መዝገብ ያለ ደመወዝ እንዲይዝ ሲመርጠው፣ እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረምና፣ ከሥራ መልስ እየሄደ ይጽፍ ጀመር።

የሱቁ ሻጭ ጦይባ ናት። ባሏ ሱሌማን ጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጀልባውን በገዛ እጁ ነው የሠራት፣ ሁለት ዓመት ፈጅታበታለች። ጦይባ ስትመዝን እጇን ሚዛኑ ላይ የማታሳርፍ፣ ስኳር ሲረግፍ ጠርጋ ከከረጢቱ የምትመልስ ሴት ነበረች። ሰልፈኛው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሰኔ 30 ቀን 1974 ዓ.ም. ሱቁ ለቆጠራ ተዘጋ። ደንቡ ቆጣሪው የመዝገቡን ቀሪ ሳያይ እንዲቆጥር ነውና ዳኘው መዝገቡን ዘግቶ ጥግ ተቀመጠ። ከቀበሌው ቁጥጥር ኮሚቴ የመጡት ወይዘሮ አገርነሽ እየቆጠሩ ይጠራሉ፤ እሱ በሌላ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ሳሙናው፣ ጨው፣ ክብሪቱ፣ ዘይቱ ተቆጠረ። ስኳሩ አምስት ያልተከፈተ ኩንታል ተገኘ፤ የተከፈተው ሲመዘን ሃምሳ ስድስት ኪሎ ወጣ።

«አምስት መቶ ሃምሳ ስድስት» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

ዳኘው አሁን መዝገቡን ከፈተ። ሳሙናው ልክ ነው። ጨውም ልክ ነው። ስኳሩ ዘንድ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ካለፈው ቆጠራ የዞረው ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ፤ ከዚያ ወዲህ የገባው ሁለት ሺህ ሰባት መቶ፤ የተሸጠው ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና። ስምንት መቶ ስድሳ መኖር አለበት።

«ሦስት መቶ አራት ኪሎ ይጎድላል» አለ።

ጦይባ ሳቀች፤ የሚቀልድ መስሏት። ፊቱን ስታይ ወደ ስኳሩ ከረጢቶች ዞረች።

እንደገና ተቆጠረ። ሚዛኑ በሌላ ሚዛን ተፈተሸ። ዳኘው ድምሩን ሦስት ጊዜ ደመረ። ከዚያ የገቢ ደረሰኞቹን ከፋይሉ አውጥቶ ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ፤ ደረሰኝ የሌለው ገቢ አንድም አልተገኘም። የሽያጩን ገጾችም ከራሽን ካርዶቹ ምልክት ጋር አስተያየ። ሁሉም ልክ ነው።

«አራቱ ኪሎ በመስፈር የሚረግፍ ነው፤ ይታለፋል» አለ። «ሦስቱ ኩንታል ግን...»

«ጋሽ ዳኘው፣ ከዚህ በር ያለ ካርድ አንዲት ማንኪያ አላወጣሁም።»

«እኔ ምን ላድርግ ጦይባ? ወረቀቱ ነው የሚናገረው።»

ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ ሦስቱም ፈረሙ። ጦይባ የፈረመችው ቆጠራው በፊቷ መደረጉን ለማረጋገጥ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሣህሉ ግን ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠረው። በዚያው ቀን የቀበሌው እስር ቤት ገባች። በማግስቱ ስሟ «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ተብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የሦስት ኩንታሉ ዋጋ ካልተከፈለ ወደ በላይ አካል ትተላለፋለች ተባለ፤ ዋጋው ከስድስት ወር ደመወዟ ይበልጣል።

ሱሌማን አሥራ አንድ ቀን ተሯሯጠ። በመጨረሻ ጀልባዋን ሸጠ። ጦይባ ተፈታች፤ ከሥራ ግን ተባረረች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የጅምላ መጋዘኑ እንደ ልማዱ ለየሱቁ የሰጠውን ዕቃ ዝርዝር ለማመሳከሪያ ላከ። ዳኘው ወረቀቱን ዘርግቶ ቀይ እርሳሱን አነሣ። በዝርዝሩ ላይ ከቆጠራ እስከ ቆጠራ የተሰጠው ስኳር ሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ነው፤ ከመዝገቡ በሦስት ኩንታል ያንሳል።

ፋይሉን አወጣ። ሚያዝያ 18፣ ሦስት ኩንታል፤ ነጭ ደረሰኝ። ግንቦት 3፣ ሦስት ኩንታል፤ ሮዝ ደረሰኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጋቸው። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ 04412። ሮዙ የነጩ ግልባጭ ነበር። የመጋዘኑ ሾፌር ዘግይቶ አምጥቶት፣ የማኅተሙም ቀን ሌላ ስለነበር፣ ዳኘው እንደ አዲስ ገቢ መዝግቦታል። በቆጠራው ቀን ለየገቢው ደረሰኝ መኖሩን አየ እንጂ የደረሰኞቹን ቁጥር አላስተያየም። ስኳሩ አልጠፋም፤ ከመጀመሪያውም አልመጣም።

የጻፈው የራሱ እጅ ነው። እርሳሱን አስቀምጦ ሁለቱን ደረሰኞች አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ሁለቱን ደረሰኞች ይዞ ሣህሉ ዘንድ ገባ። ሣህሉ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ለማን አሳየህ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው እንዲሁ ይቅር። ቃለ ጉባኤው ጸድቆ ወደ በላይ አካል ሄዷል፤ ገንዘቡም ገቢ ሆኗል። ቀበሌው ንጹሕ ሴት አሰረ እንዲባል ነው የምትፈልገው?»

«አሰረ እኮ፣ ጓድ ሣህሉ።»

«ያሰረው የአንተ መዝገብ ነው» አለ ሣህሉ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

ዳኘው ከዚያ ወጥቶ በሐይቁ ዳር ወደ ጦይባ ቤት ሄደ። ሱሌማን ደጃፉ ላይ የሰው መረብ ይጠግናል፤ አሁን በሌላ ሰው ጀልባ የቀን ሠራተኛ ነው። ጦይባ ወጣች። ዳኘው ቆሞ፣ ደረሰኞቹን አውጥቶ፣ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

ጦይባ ወረቀቶቹን አልነካችም። ባሏን ነበር የምታየው።

«ሰማህ?» አለችው። «ለወንድሜ ሰጥተሻል ያልኸኝ ስኳር አልነበረም።»

ሱሌማን አንገቱን ደፋ። ጦይባ ወደ ዳኘው ዞረች።

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስመዝን አደርሁ። ለማን አብዝቼ ሰፈርሁ፣ የቱን ካርድ ረሳሁ እያልሁ። ኋላ ኋላ እኔው ራሴ ሳልሰርቅ አልቀረሁም አልሁ። እርስዎን እንዳልጠረጥር፣ የእርስዎ ቁጥር አይሳሳትም ይባላል።»

«ይቅር በይኝ።»

«እዚህ ለእኔ የሚነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? ስሜ የተለጠፈው ቤቴ ውስጥ አይደለም።»

እሑድ በነዋሪዎች ስብሰባ ዳኘው እጁን አወጣ። ሣህሉ ሊያልፈው ሞከረ፤ ዳኘው ሳይፈቀድለት ተነሥቶ ተናገረ። ደረሰኞቹን ከፍ አድርጎ ቁጥሩን አነበበ። «ጉድለቱ የእኔ ነው፤ አንዱን ገቢ ሁለት ጊዜ ጻፍሁ። ጦይባ አልሰረቀችም» አለ። ወይዘሮ አገርነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሣህሉም «ጓድ ዳኘው የያዘው ከአጀንዳ ውጪ ነው» ብሎ አስቀመጠው። ማታውኑ የቀበሌው ጠባቂዎች ከቤቱ ወሰዱት።

ዘጠኝ ቀን ታሰረ። ደረሰኞቹን ቀምተውታል፤ መዝገቡም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሲፈታ ግልባጭ ወረቀት ምን እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም። ከተማው የራሱን ድምር ደምሮ ጨርሷል፤ «ሁለቱ ተካፍለው ኖሯል፤ ኅሊናው አላስቀምጠው ብሎ ለፈለፈ» ይባል ነበር። የፋብሪካው ባልደረቦቹም ያወጣውን ዕቃ ደግመው ይቆጥሩ ጀመር።

ጥቅምት ላይ ከገበያ ሲመለስ ጦይባን አገኛት። እንደ ወትሮው ሰላም የምትለው መስሎት ቆመ።

«ጋሽ ዳኘው» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያን ቀን ይናገሩ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ምን ያድርጉ። ግን ከእንግዲህ መንገድ ላይ ቢያዩኝ አይቁሙ። ሰው ያየናል።»

ዘንቢሏን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ አለፈች። እሱም እሷ እስክትርቅ ጠብቆ በሌላው መንገድ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ።