ከሼፏ አፍ የጠፋው ብላንች

የሆቴሉ ሠራተኞች ዋናዋን ሼፍ ከጀርባዋ «ቁንዶ» ይሏታል፤ ትንሽ ናት፣ ግን ታቃጥላለች። ፊት ለፊት ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

በቁንዶ ወጥ ቤት ቃል ከቃል አይደባለቅም ነበር። መቀቀል ማለት እስኪበስል ድረስ ነው። በግማሽ መቀቀል ደግሞ ድንቹ ዳር ዳሩ ለስለስ ሲል፣ መሃሉ ጥሬ እንደሆነ ማውጣት ነው፤ የቀረውን ምድጃው ይጨርሰዋል። ብላንች ማድረግ ግን ለብቻው ነው። አትክልቱ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ገብቶ ይወጣና በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ይደፋል።

«በረዶ ካልነካው ከእሳት ወጣ እንዳትሉኝ» ትላቸው ነበር። «በገዛ ሙቀቱ መብሰሉን ይቀጥላል። እናንተ ወሬ ስትሰልቁ እሱ ይልመጠመጣል።»

ከዚያ በሽታው መጣ። አንድ ጠዋት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ወደቀች። ቀስ በቀስ እጇም እግሯም ተመለሱላት። ምላሷም ተፈታ፤ ቃላቱ ግን ሁሉም አብረው አልተመለሱም። ብላንችን ታውቀዋለች። ፎሶሊያው ውሃ ውስጥ ገብቶ አረንጓዴው ቦግ ሲል ዓይኗ ላይ ይታያታል። ልትናገር አፏን ስትከፍት ግን የሚወጣው «ቀቅል» ነው። በግማሽ መቀቀልም «ቀቅል»፣ መቀቀልም «ቀቅል»።

ወደ ሥራ የመለሳት ታናሽ ወንድሟ ነው። እዚያው ወጥ ቤት ሥጋ ክፍል ይሠራል። ሥራ አስኪያጁን ለምኖ፣ «አጠገቧ እሆናለሁ» ብሎ ቃል ገባ። አልዋሸም። እሷ «ቀቅል» ባለች ቁጥር ቀና ይልና፣ «ብላንች ማለቷ ነው» ይላል፤ ወይም «ድንቹን በግማሽ ነው።» ሥራው እንደ ምንም ይሄድ ነበር።

የአንድ ትልቅ ድርጅት እንግዶች ለምሳ የመጡ ቀን አትክልት ክፍል የነበረችው ልጅ አዲስ ገቢ ናት።

«ፎሶሊያውን ቀቅዪው» አለቻት ቁንዶ። «ድንቹንም ቀቅዪው።»

ወዲያው ስህተቷ ታወቃት። ወደ ወንድሟ ዞረች። ሥጋ የሚያገላብጥበት መቆንጠጫ አየር ላይ ቆመ። ሰምቷል። ከዚያ አንገቱን ደፋና ማገላበጡን ቀጠለ።

«አይደለም… ቀቅዪ… አይ!» በረዶው ወዳለበት ጠቆመች።

ልጅቷ ተደናግጣ ሮጠች፤ በረዶ የተጨመረበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። «ይጠጡ ሼፍ። አይዞዎት፣ እቀቅለዋለሁ።»

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹን ሰላም እንድትል አስጠራት። ስትመለስ ድስቶቹ ተከድነው ይንተከተካሉ። ክዳኑን አነሳች። ፎሶሊያው እንደ ታጠበ ወታደራዊ ልብስ ገርጥቷል፤ በጣቷ ስትይዘው ተዝለፈለፈ። ምድጃ ውስጥ ገብቶ ሊጠበስ የታሰበው ድንች ድስቱ ውስጥ ፈራርሷል። ለመተካት ጊዜ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ሳህኖቹ ከነምግባቸው ሲመለሱ መጣ። ልጅቷ፣ «ቀቅዪ ብለውኝ ነው» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ቁንዶ። ይሄ ጥርት ብሎ ወጣላት።

ሰውየው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ጤናሽ ይቀድማል» አላትና ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ወንድምና እህት አብረው ወደ ቤት ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆመች።

«ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ እታለም።»

«ለምን?»

ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ደከመኝ። የራሴን ሥጋ ልይ፣ ያንቺን አፍ ልጠብቅ? ነገ እኔ በሌለሁበት ዘይት ደፍተሽ ሰው ብታቃጥዪስ? ሰዎቹ ራሳቸው እንዲያዩ ፈልጌ ነው።»

«ብትነግረኝ…»

«ብነግርሽ እሺ ትዪ ነበር?»

አትልም ነበር። እሱም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ግን ከሰው ሁሉ እሱ አንገቱን መድፋቱ እንደ እሳት ፈጃት። የምትሰድብበት ቃል ፈለገች፤ ያም ጠፋባት።

ቦታዋን የሰጡት ለእሱ ነው። እምቢ አላለም። ቤቱም የሁለቱም ስለሆነ ማንም ጥሎ አልሄደም። ቀን ቀን እሷ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ እሱ የዋና ሼፍ ኮፍያውን በፌስታል ሸፍኖ ይዞ ይገባል፤ እንዳታየው።

አንድ እሁድ ቤት ውስጥ ፎሶሊያ ሠራ። ከፈላው ውሃ አውጥቶ በረዶ ውስጥ ሲደፋው ድምፁን ከመስኮቱ ሥር ሆና ሰማችው። በሳህን አመጣላት።

«እስቲ ቅመሺልኝ እታለም።»

አንዱን አንስታ ነከሰችው። ቀጭ አለ። አረንጓዴው አልደበዘዘም፤ ጨውም ልክ ነው። አጠገቧ ቆሞ ፊት ፊቷን ያያል።

«ጥሩ ነው» የሚለው አፏ ላይ ነበር፤ ይህን ቃል በሽታው አልወሰደባትም። ሳህኑን መለሰችለትና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።