ሲወድቅ የሚበራ ምርኩዝ

ከኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ የእንጨት ብናኝ በቀጭን ብሩሽ እየጠረገች ነበር። ብናኙ ቶሎ አይወርድም፤ በመስኮቱ በገባው ብርሃን ውስጥ፣ የት ልረፍ ብሎ እንደሚያስብ ሁሉ፣ ዝግ ብሎ ይዞራል። ከልጅነቷ ጀምሮ ድምፅዋ ስለማይሰማ ቤተሰቡ «ዝምታ» ይላታል። በአናጺው አጎቷ ድርጅት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሠራተኛ የለምና የሚጻፍ ነገር በመጣ ቁጥር በእሷ ላይ ይወድቃል።

ዛሬ የሚጻፈው ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። አዲሱ ምርኩዛቸው ቅዳሜ ይመረቃል። የጋዜጣው አዘጋጅ በስልክ «እስከ እኩለ ቀን ላኪልኝ። ርእሱና የመጀመሪያው አንቀጽ ካልያዙኝ የቀረውን አላነብም» ብሏታል። አምና ታጣፊ ወንበር ሲያስተዋውቁ መግለጫው በድርጅቱ ታሪክ ጀምሮ በድርጅቱ ታሪክ አለቀ፤ ማንም አልመጣም። በደረደሯቸው ወንበሮች ላይ አጎትና የወንድም ልጅ ብቻቸውን ሲተያዩ ዋሉ።

«ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ በሩን ቆልፌ ወደ ቅጥር ሥራዬ ነው» አለ አጎቷ፣ የአንድ ምርኩዝ እጀታ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ። «ስለዚህ ርእሱ ሰውን ክው የሚያደርግ ይሁን። ጻፊ! ‹ከእንግዲህ አዛውንት አይወድቁም!›»

ጻፈችው። ፊደሉን አጎላችው። ሲያዩት ያምራል። ለአፍታ እሷም አመነችው፤ ዓይኗን ስትጨፍን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በጭጋግ ውስጥ፣ መሬት ሳይነኩ፣ ቀስ እያሉ ሲሄዱ ታዩአት።

«ከሥሩ የእማዬን ቃል አስገቢ። ‹ይህ ምርኩዝ ሕይወቴን ለወጠው› ብለዋል በይ።»

«መቼ አሉ?»

«ትላለቻ! እማዬ መቼ እምቢ ብላኝ ታውቃለች?»

«ሳይጠየቁማ አልጽፍም፣ ጋሼ» አለች ዝምታ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

አያቷ፣ የአጎቷ እናት፣ የሚኖሩት ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ ሁለቱም ተያይዘው ገቡ። መጋረጃው አልተከፈተም፤ ክፍሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈዋል። ዝምታ ርእሱን አነበበችላቸው።

አያቷ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አይወድቁም? ዛሬ ጠዋት ታዲያ እዚህ ምንጣፍ ላይ የተዘረጋው ማነው?»

«እማዬ! ምነው ሳትጠሪኝ?»

«ጠራሁህ፤ ጎህ ሳይቀድ የጀመርከው መጋዝህ በለጠኝ። አትደንግጥ፣ ምንም አልሆንኩም፤ ተንሸራትቼ ነው ቁጭ ያልኩት። ቤቱ ድፍን ጨለማ ነበር። ዞር ስል አልጋው ሥር ጨረቃ ተኝታለች። እጄን ብሰድ ምርኩዜ ኖሯል።»

«አነሳዎት?» አለች ዝምታ።

«እንጨት ምኑን ያነሳኛል! የት እንዳለ ነገረኝ፤ የተነሳሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ብለው ምርኩዙን ለቀቁት። ምንጣፉ ላይ ሲጋደም እጀታው ውስጥ ያለው መብራት በራ። የአልጋው እግር፣ የአጎቷ ጫማ፣ የመጋረጃው ጫፍ አንድ በአንድ ከጨለማው ወጡ። ሦስቱም አዩት።

«ጋዜጠኛው ቅዳሜ መጥቶ ‹ይህን ከያዙ ወዲህ ወድቀዋል?› ቢላቸውስ፣ ጋሼ?»

«እውነቱን እነግረዋለሁ» አሉ አያቷ ቀደም ብለው። «በዚህ ዕድሜዬ ለእንጨት ብዬ ልዋሽ?»

አጎቷ አልጋው ላይ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ። «እሺ፣ እንዳየሽው ጻፊው» አለ በመጨረሻ።

ዝምታ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጻፈች።

*ሲወድቅ የሚበራ ምርኩዝ ቅዳሜ ይመረቃል*

*በጨለማ ከእጅ ያመለጠን ምርኩዝ በዳበሳ መፈለግን ለማስቀረት የተሠራ፣ ሲጋደም በራሱ የሚበራ ምርኩዝ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት በአምራቹ የእንጨት ሥራ ድርጅት ወርክሾፕ ለሕዝብ ይቀርባል። ምርኩዙ ሰውን ከመውደቅ አያድንም፤ የወደቀ ሰው ግን ምርኩዙ የት እንዳለ ያያል።*

ቀጥላ የአያቷን ቃል እንደተናገሩት አስገባች፤ አንብባላቸው «አዎ፣ ያልኩት ነው» ካሉ በኋላ ነው ያለፈችው። የድርጅቱ ታሪክ ወደ መጨረሻው ወርዶ ከአድራሻውና ከስልክ ቁጥሩ በላይ ሁለት መስመር ሆነ። ላከችው።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«እውነት ይበራል?» አለ አዘጋጁ። «ፎቶ አንሺ ይዤ እመጣለሁ። ብቻ ክፍሉን ታጨልሙልኛላችሁ?»

አጎቷ ስልኩ ሳይዘጋ ለወርክሾፑ መስኮት የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ወጣ። ዝምታ ኮምፒውተሩን ከደነችው። ምርኩዙ እስካሁን ምንጣፉ ላይ እንደበራ ነበር። አንስታ ከአያቷ አልጋ ራስጌ፣ ግድግዳውን አስደግፋ ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤ መብራቱ ጠፋ።