አሥራ ሦስተኛው ረድፍ

የድርጅታችንን የአጋሮ ሱቅ የሚመሩት ጋሽ ፈለቀ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይደውሉልኝ ነበር። ስንት የሽያጭ ደረሰኝ እንደቆረጡ ይነግሩኝና ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት «ምሳ በላሽ?» ይሉኛል። ጅማ ስድስት ዓመት ስኖር ይህን የጠየቀኝ ሌላ ሰው የለም። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ራሱ እንጂ ስለ እኔ አያወራም።

ወርቅውሃ እባላለሁ። ሄርማታ ገበያ አጠገብ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ጆንያና የመፈልፈያ ማሽን መለዋወጫ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ባለቤቱ ሐጂ አብዱልሃዲ የሒሳብ ሶፍትዌር ገዙና ከሐምሌ 2004 እስከ ሰኔ 2005 ያለውን የአጋሮን የዓመት ሽያጭ በሙሉ እንዳስገባ አዘዙኝ። ጋሽ ፈለቀ በኤክሴል የመዘገቡት 1,426 ደረሰኝ ነበር። አንድ በአንድ ልጻፍ ብል ፀጉሬ ይሸብት ነበር፤ ስለዚህ ፋይሉን እንዳለ ለማስገባት ወሰንኩ።

የኤክሴሉን አምዶች ከሶፍትዌሩ ሳጥኖች ጋር አገናኘሁ፤ የደረሰኙን ቁጥር ከቁጥሩ፣ የደንበኛውን ስም ሳይሆን መለያ ኮዱን ከደንበኛው፣ ታክስ ያልገባበትን ዋጋ ከሽያጩ፣ ታክሱን ለብቻው። ከሽያጩ ጋር ጠቅላላውን ባገናኝ ኖሮ ታክሱ ሁለት ጊዜ ይታሰብ ነበር። እዚያ ላይ ባለመሳሳቴ ራሴን በጣም አደነቅኩ። የቀረኝ ቀኑ ነው፤ ሶፍትዌሩ የፈረንጁን እንጂ የእኛን አቆጣጠር አይቀበልም። የየወሩ የመጀመሪያ ቀን በፈረንጅ መቼ እንደሚውል የሚያሳይ ትንሽ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ኤክሴሉ ከዚያ እየፈለገ ይቀይራል። የወሮቹን ዝርዝር ከደመወዝ መዝገባችን ገለበጥኩት።

አስገባሁ። «ተጠናቋል» አለኝ፤ ከሥሩም «ያልገቡ ረድፎች በሌላ ፋይል ተቀምጠዋል» የሚል ጽሑፍ ነበር። አየሁትና ዘጋሁት። የተላከውን ረድፍ ከገባው ጋር ቆጥሮ ማመሳከር የጀማሪ ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ ጀማሪ አይደለሁማ።

በማግስቱ ሐጂ ያተምኩላቸውን የሽያጭ ሪፖርት ከመጋዘን ወደ አጋሮ ከሄደው ዕቃ ጋር አስተያዩት። የ212,640 ብር ዕቃ ሽያጭ ሪፖርቱ ላይ የለም።

«ሱብሃነላህ፣ ፈለቀ?» አሉ። «ማሎ፣ እባክሽ ወርቅውሃ፣ እስቲ ደግመሽ እዪው።»

«አይቼዋለሁ፣ ሐጂ። ሶፍትዌሩ አይሳሳትም» አልኳቸው።

አላየሁትም። ጋሽ ፈለቀ በዚያው ቀን ከሥራ ታግደው የሱቁን ቁልፍ አስረከቡ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ዝም አለ። እኔም አልደወልኩም። ናፈቁኝ፤ ሌባ መናፈቄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በዘጠነኛው ቀን የባንኩን ሒሳብ ማስታረቅ ጀመርኩ። ደረሰኝ የሌለው ገቢ አገኘሁ፤ ድምሩ የጎደለው ሽያጭ ታክሱ ሲጨመርበት ከሚመጣው ጋር አንድ ነው። የገባው ከሴፕቴምበር 6 እስከ 10 ባሉት ቀናት ነበር። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ጳጉሜ። ያልገቡትን ረድፎች ፋይል ያኔ ከፈትኩት፤ ሠላሳ ሰባት ደረሰኝ፣ ሁሉም የአሥራ ሦስተኛው ወር፣ ሁሉም «ቀኑ ትክክል አይደለም» የሚል የተጻፈበት። የደመወዝ መዝገብ አሥራ ሁለት ወር ነው ያለው፤ ለጳጉሜ የሚከፈለው ደመወዝተኛ የለም። ጋሽ ፈለቀ በነጻ ሠርተው ባሳለፏቸው ቀናት ሌባ አደረግኳቸው።

በሠንጠረዡ ላይ አሥራ ሦስተኛውን ረድፍ ጨመርኩ። ቀድሞ የገባው እንዳይደገም ሠላሳ ሰባቱን ብቻ ለይቼ አስገባሁ። ቆጠርኩ፤ 1,426። ድምሩም ገጠመ። ለሐጂ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እሳቸውም ነገ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ እንደሚጠይቁ ነግረውኝ፣ እኔ ግን ዛሬውኑ እንድሄድ አዘዙኝ።

አጋሮ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ከጋሽ ፈለቀ ጋር ተገናኘን። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ስህተቱ ገብቶኛል» አሉ። «ሰው ይሳሳታል። ግን ስልኬ ነበረሽ፣ ወርቄ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ።»



«መስረቄን አምነሽው ነበር?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ሥራ በዛብኝ፣ ሐጂ ከለከሉኝ ብል ማን ይጠይቀኛል?

«አምኜው ነበር» አልኳቸው።

ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። የሁለታችንን ሻይ ከፈሉና «መኪናው እንዳያመልጥሽ» ብለውኝ ወጡ።

ሐጂ በማግስቱ ይቅርታ ጠይቀዋቸው በሁለተኛው ቀን ሥራቸውን ጀመሩ። አሁን አይደውሉም፤ ደረሰኞቹን ቅዳሜ ቅዳሜ በኢሜይል ይልካሉ። ቀኑን ራሳቸው በፈረንጅ ቀይረው፣ ረድፉን ቆጥረው፣ ድምሩን ከታች ጽፈው ነው የሚልኩት። እስካሁን ሶፍትዌሩ አንድም ረድፍ መልሶብኝ ስለማያውቅ፣ የምደውልላቸው ምክንያት የለኝም።