ለአንድ ክፍል

ሆቴሉ ውስጥ «ነጠላ ሰረዝ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ሆቴሉ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ከሚለጥፋቸው ፎቶዎች ሥር የሚወጣውን ጽሑፍ ማዘጋጀት ሲሆን፣ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች ምሳዋ ስለማይዋጥላት ይህ ቅጽል ወጣላት። ለበዓሉ የጻፈችው እንዲህ ይል ነበር፦

«የበዓል ጥቅል፦ ከዓርብ እስከ እሑድ፣ ሁለት አዳር ለሁለት ሰው። የየዕለቱን ቁርስ፣ የቅዳሜን እራትና መዋኛውን ያካትታል፤ መጠጥ አይጨምርም። ዋጋ ለአንድ ክፍል 9,600 ብር፣ ግብርና የአገልግሎት ክፍያን ጨምሮ። ቦታ የሚያዘው እስከ ረቡዕ፣ ግማሹን አስቀድሞ በመክፈል ነው። ከመግቢያው 72 ሰዓት በፊት ለሰረዘ ቅድሚያ ክፍያው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ አይመለስም።»

ሥራ አስኪያጁ አንብቦ «ይውጣ» ብሎ ፈረመበት። ክፍሎቹ በሦስት ቀን አለቁ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መስሎ ጠረጴዛዋ ጋ መጣ።

«ዋጋው ለአንድ ሰው ነበር ለካ። የሆቴሉ ባለቤት ሊውጠኝ ነው።»

«እርስዎ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ለአንድ ክፍል ነው የሚለው።»

«ወረቀቱን ተይው። ‹ክፍል› የሚለውን አውጪና ‹ሰው› አድርጊው። አንድ ቃል እኮ ነው።»

«የከፈሉ ሰዎች አሉ።»

«እነሱ ፎቶውን እንጂ ጽሑፉን መቼ አዩት? እንቢ ካልሽ ደግሞ ሰኞ በቦታሽ ሌላ ሰው አላጣም።»

ይቺን ሥራ ያገኘችው ስምንት ወር ደጅ ጠንታ ነው። ቃሉን ቀየረችው። የወሰደባት ጊዜ ጉሮሮ ከመጥረግ አይበልጥም።

ከሰዓት በኋላ እንግዶች መግባት ጀመሩ። አንዳንዱ ተነጫነጨ፣ ገጹን ከፍቶ አየ፣ «ሳላስተውል ነው» እያለ ከፈለ። እሷ እንግዳ መቀበያው ጥግ ቆማ ለገጹ ፎቶ ታነሳለች።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና ባለቤታቸው አንዲት ሻንጣ ለሁለት ይዘው ገቡ። እንግዳ ተቀባዩ ስማቸውን ፈልጎ አገኘና «ቀሪው አሥራ አራት ሺህ አራት መቶ ነው አባባ» አላቸው።

«አራት ሺህ ስምንት መቶ ማለትህ ነው።»

«እሱን ከፍለዋል። ጠቅላላው ለሁለት ሰው አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ነው።»

«ለአንድ ክፍል ነው የሚለው፣ ልጄ። ሦስቴ ነው ያነበብኩት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድርሰት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ።»

እንግዳ ተቀባዩ ስልኩን አዞረላቸው። ጽሑፉ መለወጡን እሱም አያውቅም። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ለአንድ ሰው» አሉ በቀስታ። «እንዴት ነው ነገሩ?»

ባለቤታቸው ክንዳቸውን ያዙ። «ይሁን ተወው። በቀደምም ቁልፉን በር ላይ ትተህ ወጥተህ የለ። ዕድሜ ነው።»

«አይ፣ ይሄንንስ አልረሳም ነበር» አሉ መምህሩ፤ ድምፃቸው ግን ከድቷቸዋል።

ነጠላ ሰረዝ አፏን ከፈተች። ከእንግዳ ተቀባዩ ጀርባ ሥራ አስኪያጁ ቆሟል። መልሳ ዘጋችው።

ቀሪውን መክፈል አልቻሉም፤ የስረዛው ጊዜም አልፏል ተባሉ። ሥራ አስኪያጁ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ፊቱን አብርቶ ምሳ ጋበዛቸው። መምህሩ ምሳውን ሳይነኩ፣ ሻንጣዋን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። ሴትየዋ ብቻ ሰው እንዳይታዘባቸው ጥቂት ቀማመሱ። ከዚያ ሄዱ።

ሰኞ ዕለት ጽሑፉ በትእዛዝ ከገጹ ወረደ። ማክሰኞ ዕለት እሷ ከመዝገቡ ላይ ስልካቸውን ፈልጋ ደወለች። መምህሩ አነሱት።

«አባባ፣ ከሆቴሉ ነኝ። እርስዎ በትክክል ነው ያነበቡት። ለአንድ ክፍል ነበር የሚለው። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«ለአንድ ክፍል» የሚለውን አንድ ጊዜ አስደገሟት።

«ይህንኑ ለባለቤቴ ንገሪልኝ» አሉ ከዚያ። «እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

ሴትየዋ ስልኩን ተቀበሉ። ነጠላ ሰረዝ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻቸው፤ ወረቀቱን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ቃሉን። ሴትየዋ ሳያቋርጡ ሰሟት። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ሲሄዱና በር ሲዘጉ ተሰማ።

«ደግ ልጅ ነሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አዝነሽለት ልታጽናኚው ብለሽ ነው፤ ገብቶኛል። እሱም ደስ ይለዋል።»

«እውነቴን ነው እማማ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ለሐሙስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘንለታል። አንቺም ጸልዪለት።»

በሩ መልሶ ሲከፈት ተሰማ። ከሩቅ መምህሩ «ምን አለችሽ? ነገረችሽ አይደል?» ሲሉ ሰማች።

«ነገረችኝ» አሉ ሴትየዋ ለሕፃን በሚነገርበት ድምፅ። «ልክ ነህ አለችኝ።»