እንቅልፍ የሌለበት ስሌት

ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ዌይሚን ከፖም ዛፎቹ መካከል ወደቀ። መሰላሉ እንደቆመ ነበር። የመንደሩ ሐኪም መጥቶ ደረቱን አዳመጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ ማዳመጫውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔ በእጄ የያዝኩትን ቅርጫት የት እንደማስቀምጠው እያሰብኩ ነበር።

ቀትር ላይ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዌይጓንግ ለልጃችን ደወለ። ቺንግሊን በገዛ መኪናው ፍራፍሬ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ያን ዕለት ሠላሳ ቶን ሐብሐብ ጭኖ በታክላማካን በረሃ ዳር ወደ እኛ አቅጣጫ እየመጣ ነበር። ዌይጓንግ የአባቱን መርዶ ነገረው።

«መኪናውን ጥለህ በአውሮፕላን ና» አለው ዌይጓንግ።

«የሰው ሐብሐብ በረሃ ላይ ለማን ልተው? የአውሮፕላን ማረፊያውም ወደ ኋላ ነው፤ አልፌዋለሁ። የስልኬ ካርታ ሃያ ስድስት ሰዓት ይላል። እደርሳለሁ አጎቴ። እኔ ሳልመጣ እንዳታነሱት።»

ዌይጓንግ ሃያ ስድስቱን ሰዓት ይዞ ወደ ቀን ቆጣሪው መምህር ሹ ሮጠ። መምህሩ በጣቶቹ ቆጠረ። ለሟቹ ቀብር የሚስማማው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ያ ካለፈ እስከሚቀጥለው ወር ድረስ ቀን የለም አለ።

«እንዲያውም ትርፍ ሰዓት አለው» አለኝ ዌይጓንግ ሲመለስ። በሐዘኑ መሃል ፊቱ በራ። በእኛ ዘንድ አስከሬኑ የሚነሣው የበኩር ልጅ ለሟቹ ነፍስ ወረቀት የተቃጠለበትን የሸክላ ሳህን መሬት ላይ ከሰበረ በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ያለን አንድ ልጅ ነው።

እኔ ሠላሳ ዓመት ላንጆ ከተማ በሚገኝ የጭነት መኪና ግቢ በስምሪት ክፍል ሠርቻለሁ። ሰው የመንገድ ሰዓት ሲጠራ ጆሮዬ ሳላዝዘው ይቆማል። ያን ቀን ስለ ዌይሚን ማሰብ አልቻልኩም፤ መደመር ግን ቻልኩ።

ሃያ ስድስቱ ሰዓት ባዶ የቤት መኪና የሚሄድበት ነው። በሠላሳ ቶን ዳገቱ ሲደመርበት ሠላሳ ሦስት ይሆናል። በየአራት ሰዓቱ ሕጉ የሚያስገድደው የሃያ ደቂቃ ዕረፍት አለ። ነዳጅ አለ፤ በዚህ በመከር ወቅት ደግሞ የነዳጅ ሰልፍ አለ። ሰው ይበላል። ለዚህ ሁሉ አምስት ሰዓት ጨመርኩ። ሐሙስ ከመንጋቱ በፊት ይደርሳል። የደነገጥኩት ይሄኔ ነው። ባይደርስ ይሻል ነበር። ስሌቱ የሞላው እንቅልፍ ስለሌለበት ነው፤ ቺንግሊንም ይህን አስልቶታል፤ የስምሪት ሠራተኛ ልጅ ነው።

ደወልኩለት። ዌይጓንግ አጠገቤ ነበር።

«እማዬ።»

«መሪ የያዝከው ዛሬ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ምን?»

«ዛሬ ጠዋት። ስንት ሰዓት ላይ ተነሣህ?»

«ገና ሳይነጋ። ሐብሐቡ ሳይሞቅ ብዬ ነው።»

ስድስት ሰዓት ነድቷል ማለት ነው። እኛ መቁጠር የጀመርነው ስልኩ ሲጠራ ነው፤ ሰውነቱ ግን ከእኛ ቀድሞ እየቆጠረ ነበር። በግቢያችን ደንብ አንድ ሾፌር አሥር ሰዓት ከነዳ ስምንት ሰዓት ሳይተኛ መሪ አይነካም። ለቺንግሊን የቀሩት አራት ሰዓታት ብቻ ነበሩ። ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ አሥር ሰዓት፣ እንደገና እንቅልፍ። ሦስት ጊዜ መተኛት ነበረበት። ያ ዓርብ ያደርሰዋል።

«መቼ ልትተኛ ነው?» አልኩት።

«እማዬ፣ ከመኪናው መሣሪያ ውስጥ የምትናገረው ሴትዮ አንቺን ተክታ ትነዘንዘኛለች፤ አራት ሰዓት ሲሞላ ‹ደክመሃል፣ አቁም› ትላለች። አቆማለሁ።»

«ሃያ ደቂቃ ከቆምክላት ዝም ትላለች። እንደ አዲስ ነው የምትቆጥረው። አንተ እንደ አዲስ ትሆናለህ?»

«ቡና እጠጣለሁ። መስኮት እከፍታለሁ።»

«ሁለተኛ ሾፌር የለህም።»

«ከየት ላምጣ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አባቴ እኮ ነው፤ ሳህኑን ማን ይሰብርለታል?» አለ።

በግቢው ውስጥ ሳለሁ ሌሊቱን ሁሉ ነድተው ያልተመለሱ ሾፌሮችን ቤት አንኳኩቻለሁ። ሚስቶቻቸው በሩን ሲከፍቱ የሚያዩት መጀመሪያ እጄን ነው፤ ምን ይዛ መጣች ብለው።

«መምህር ሹ ቀኑን ቀይሮታል» አልኩት። «ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሆኗል። በቂ ጊዜ አለህ። ከአራት ሰዓት በኋላ ያገኘኸው ማረፊያ ግባና ተኛ።»

ዌይጓንግ አፉን ከፈተ። አየሁት።

«በአባቴ ሙት በይ» አለ ቺንግሊን።

ይህን የሚለው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ የአፍ ልማድ ሆኖበት ነው እንጂ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ አላሰበውም። ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን እሱም እኔም ሰማነው። «ተኛ» አልኩትና ዘጋሁት።

«እትዬ!» አለ ዌይጓንግ። «ምን አደረጉ? ሐሙስ ነው እኮ! ድንኳኑ ተተክሏል፣ አሳማው ታርዷል!»

«አውቃለሁ።»

«ይነገረው! ወጣት ነው፣ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ቢያድር ምን ይሆናል? እኔ በጉብዝናዬ...»

«አንተ በጉብዝናህ የነዳኸው ትራክተር ነው።»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እጁን ያዝኩት። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ የአማቼን እጅ ነክቼ አላውቅም። «ለመምህር ሹ አንድ ነገር ንገረው» አልኩ። «ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ለአንድ ሬሳ ቀን አውጥቷል። ለሁለተኛው ቀን እንዲፈልግ አንተ ሄደህ ትጠይቀዋለህ?»

እጁን አላስለቀቀም። ቆይቶ ግን ስልኩን መለሰው። በዚያው ቀን ማንም በቤተዘመዱ የስልክ ቡድን ላይ ስለ ቀብሩ አንድ ቃል እንዳይጽፍ ራሱ ዞሮ አስጠነቀቀ። የባለቤቴ አክስት ግን እኔ እየሰማሁ «ተምራ ተምራ ልጇን ከአባቱ ቀብር አስቀረች» አሉ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ተሸካሚዎቹ ከሣጥኑ ሥር ጎንበስ አሉና ጠበቁ። ዌይጓንግ የራሱን ልጅ ሊያቀርብ አስቦ ነበር። ሳህኑን እኔ አነሣሁት። ሴት፣ ያውም ሚስት፣ ይህን ስታደርግ በመንደራችን ያየ የለም። የቀብሩ ሙዚቀኞች መንፋታቸውን አቆሙ። ሳህኑ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ካልተሰበረ ደግሞ መጥፎ ነው ይባላል። በሙሉ ጉልበቴ ወረወርኩት። ተሰባበረ። ተሸካሚዎቹ ግን አልተነሡም፤ ዌይጓንግ «አንሡ እንጂ!» ብሎ እስኪጮህ ድረስ እኔን ነበር የሚያዩት።

ዓርብ ረፋድ ላይ መኪናው ደጃፍ ቆመ። ቺንግሊን ማረፊያ ቦታ ላይ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፤ የተኛ ሰው ዓይን። አቅፎኝ ወደ ውስጥ ገባ። ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ብቻ ነበሩ።

«የት ነው ያደረጋችሁት?»

«ትናንት ቀበርነው።»

የሰማኝ አልመሰለኝም። ወንበሮቹን አየ፣ አጎቱን አየ። ዌይጓንግ ወደ ግቢው ወጣ።

«ቅዳሜ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።»

«ሳህኑን ማን ሰበረው?»

«እኔ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። «እውነቱን ነግረሽ ብትለምኝኝስ?»

«ብለምንህ ትተኛ ነበር?»

ሊዋሽ ሞከረ፤ አልቻለም። «አልተኛም ነበር።»

ነጩን የሐዘን ጨርቅ ከማንጠልጠያው አውርዶ ራሱ ላይ አሰረ፤ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈታበት። ላግዘው ብድግ ስል መዳፉን ዘርግቶ አስቆመኝ። ከዚያ ወደ መቃብሩ ብቻውን ወጣ። መንገዱን እንኳ አልጠየቀኝም።