ዐወድ ያልለመነው ልመና

ኦሊያድ አዲሱን ኢሜይል ጮክ ብሎ ሲያነብ ሐሴት ገና ቁርስ አልቀመሰችም ነበር። ደግነቱ፤ በልታ ቢሆን ኖሮ የበላችው ሁሉ ተመልሶ ይወጣ ነበር።

"'ስሜ ዐወድ ይባላል። ወንበሬን ወደዱት፣ መረጡት፣ ቅርጫትዎ ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያ ሳይከፍሉ ትተውኝ ሄዱ። ምን በደልኩዎት? ልጆቼ በር በሩን እያዩ ነው።' እንዴት ነው?" አለ ኦሊያድ። ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረውም፤ የራሱ ጽሑፍ የራሱን ሆድ አባብቶታል።

"ቀፋፊ ነው" አለችው።

ኦሊያድ ሳቀ። የባምባሲ ልጅ ነው፤ አፉ ጤፍ ይቆላል፣ ሲሰድቡትም የሚሞገስ ይመስለዋል። አሶሳ ላይ የቀርከሃ ዕቃ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ የከፈተው እሱ ነው። ወንበሩ፣ መደርደሪያው፣ የሕፃን አልጋው በስልክ ይታያል፣ ገዢው አዲስ አበባ ወይም አዳማ ቁጭ ብሎ ያዛል፣ ዕቃው በአይሱዙ ይሄዳል። ሐሴት ለገዢ የሚላከውን ሁሉ ትጽፋለች። ዕቃ መርጦ፣ አድራሻውን ሞልቶ፣ ክፍያው ጋ ሲደርስ ብን ለሚለው ሰው ማስታወሻ የምትልከውም እሷ ናት፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ከሚገዛው ይበዛል።

የእሷ ማስታወሻ ሌላ ነበር። ሰው ከሄደ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ አጭር ኢሜይል ትልካለች። ከዚያ አታስቀድምም፤ ኔትወርክ ተቋርጦበት የወጣ ሰው ራሱ ተመልሶ ይጨርሳል፣ ገና እያሰበ ያለውን ደግሞ ኮሌታውን መጨምደድ ነው። ኢሜይሉ የዕቃውን ፎቶና ወደ ቅርጫቱ የሚመልሰውን ማስፈንጠሪያ ይይዛል፤ ከሥሩ "የመረጡት ወንበር እንደተቀመጠልዎት ነው። ክፍያው ካስቸገረዎት ወይም ያልገባዎት ነገር ካለ ለዚህ ኢሜይል ይመልሱልን፤ ሰው ያነበዋል" ይላል። በማግስቱ አንድ ይደገማል፣ ያበቃል። የገዛ ሰው ሁለተኛው አይደርሰውም። አልፈልግም ያለም ከታች ተጭኖ ይወጣል።

ሰዎች ደግሞ ይመልሱላት ነበር። አብዛኞቹ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ የማጓጓዣው ሂሳብ መጨረሻ ላይ ድንገት ዱብ ይልብናል። "ከዋጋው ጎን ከመጀመሪያው እናሳየው" ብላ ስንቴ ነግራዋለች። ኦሊያድ ግን ይሄ ሰው ያስደነግጣል አለና አዲስ ነገር ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ኢሜይል በአሥር ደቂቃ፣ ሁለተኛው በማግስቱ ከአሥራ አምስት በመቶ ቅናሽ ጋር፣ ሦስተኛው ከሦስት ቀን በኋላ። ሦስቱም በዐወድ አንደበት።

"ቅናሹን ለማንም ገና በማግስቱ ከሰጠህ ማን በሙሉ ዋጋ ይገዛሃል?" አለችው ሐሴት። "ቅዳሜ ገበያ ወጥተህ አታውቅም? ገዢ ዋጋ ሰምቶ ዞር ይላል፣ ሻጭ 'ና እሺ ተመለስ' ይለዋል። ይሄ እኮ ሁሉም ዞር እንዲል ማስተማር ነው። ግድ ካልክ መጨረሻ ላይ፣ ገዝቶን ለማያውቅ ሰው ብቻ፣ እሱም ማጓጓዣውን እንሸፍንለት።"

"እሺ እናያለን" አለ። እናያለን ማለት እንቢ ማለት መሆኑን ሐሴት ከለመደች ቆይታለች።

ከቅናሹ በላይ ያንገሸገሻት ግን ኢሜይሉ ላይ የገባው የዐወድ ፎቶ ነበር። ዐወድ የመንጌ ሰው ነው፤ የበርታ ሽማግሌ፣ የቆላው ቀርከሃ ሽመል እጁ ሲገባ የሚታዘዝለት። ልጆቹ አድገው ቤት ይዘዋል፣ አንዷ ማንኩሽ ከተማ ነርስ ናት፤ በር በሩን የሚያይ ልጅ የለውም። ሐሴት ፎቶ ላንሳዎት ስትለው ገብቶ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ቆቡን አስተካክሎ ወጣ። ከመነሳቱ በፊት ግን ጠየቃት፤ ለምንድነው? "ወንበሩን ማን እንደሠራው ገዢው እንዲያውቅ ነው። ለሌላ አይውልም" አለችው፤ ቃሏ ነው። ኦሊያድ ከዚያ ሁሉ ፎቶ መርጦ ያወጣው ዐወድ የወደቀ ቢላዋ ሊያነሳ ያጎነበሰበትን ነው፤ ለማያውቀው ሰው እግር ላይ የሚወድቅ ይመስላል።

የሐሴት እናት ማሚቱ በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ የመጣች ናት። ያኔ እህል ለመቀበል ተሰልፋ ሳለ የነጭ ካሜራ ፊቷ ላይ ተደቅኖ ነበር፤ እስከ ዛሬ በገዛ ልጇ ሠርግ እንኳ ፎቶ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች። ሐሴት ይህን እያወቀች፣ አፍንጫ ይዘው እንደሚውጡት መድኃኒት፣ ኢሜይሉን ሲስተሙ ላይ ጫነችው። ደሞዝተኛ ናት፤ አለቃዋ ጫኚ ብሏል። ራሷንም ጠላች።

የመጀመሪያው ሰሞን ሽያጩ ጨመረ። ኦሊያድ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ "ልመና ይሠራል!" ይላል፣ ያውም ሳያፍር። ከዚያ ሐሴት ያለችው መጣ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ የቢሮ ሰዎች፣ አዲስ አበባ ያሉት ነባር ደንበኞች፣ ሁሉም ቅርጫቱን ሞልተው እየተዉ ቅናሹን በማግስቱ ይጠብቁ ጀመር። በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ጠፋ። ከበፊቱ ብዙ ይሸጣል፣ የሚተርፈው ግን ያነሰ ነው። ኦሊያድ ቅናሹን ያነሳል ብላ ስትጠብቅ "ከሠሪዎቹ ክፍያ ላይ እንቀንሳለና" አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዐወድ መጣ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል። ወንበር ይዞ አልመጣም። ኦሊያድ ተነስቶ "ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ" ቢለው እጁን ሳይዘረጋ አልፎ ሐሴት ፊት ተቀመጠ፤ ራሱ በሠራው ወንበር ላይ።

"ሐሴት፣ እኔ ተመጽዋች ነው?" አላት።

እሱ ቀስ እያለ፣ አማርኛውን እየፈለገ ነገራት። አዲስ ስልክ ገዝቶ፣ ሻጩ ኢሜይል ከፍቶለት፣ ረቡዕ ዕለት ለጎረቤቶቹ ወንበሩን ሊያሳይ ሱቁን ከፈተ። ስንት እንደሚሸጥ ለማየት ነካ ነካ ሲያደርግ ወንበሩ ቅርጫት ገባ፤ የኢሜይል አድራሻውን ስልኩ ራሱ ሞላው። ከዚያ ስልኩ ይጮህ ጀመር። ማንበብ ስለማይችል አርብ ከሶላት በኋላ መስጊዱ ደጅ ለአንድ መምህር ሰጠው። መምህሩ በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ አነበበ።

"'ስሜ ዐወድ ነው፣ ልጆቼ በር እያየ ነው' አለ። 'ለእርስዎ ስል ቀነስኩ፣ ተቸግሬ ነው' አለ። ፎቶ አለው። እኔ ነው። ሰው ዝም አለ። ከዚያ ሰደቃ ሰበሰበ።"

ከጀለቢያው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ብር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የተጨማደደ፣ ከየኪሱ የተለቀመ፣ ወርቅ በሚያጥቡ ሰዎች እጅ አፈር የለበሰ ብር ነው።

"መልሱ አልኩ፣ አልሰማም። 'ዐወድ አፍሮ ነው' አለ። ያልለመንኩ ነኝ ብል የሚያምን የለም፤ ጽሑፉ ላይ ስሜ አለ።" ወደ ኦሊያድ ዞረ። "ሰደቃ ለለመነ ሰው ነው። አንተ ለመንክ። ውሰድ፣ ከዚያ መንጌ መጥተህ ለሰው ንገር።"

ሐሴት ፊቷ ነደደ። ኦሊያድ እንኳ ለአፍታ ቀላ፤ ለአፍታ ብቻ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄ እኮ ማስታወቂያ ነው። እርስዎን ብለን አይደለም፣ ለገዢ ነው የተጻፈው። ሰው ይህን ያህል ከተነካማ..." ንግግሩን ሳይጨርስ እጁ ፌስታሉን ፈታ። ብሮቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ያስተካክላቸው ገባ፤ መቶውን ከመቶ፣ ሃምሳውን ከሃምሳ። ክፋት እንኳ አልነበረውም፤ ልማድ ነው። ሐሴትን የባሰ ያስጠላት ይሄ ልማድ መሆኑ ነው።

በዚህ መሃል የዐወድ ስልክ ጮኸ። አውጥቶ ለሐሴት ሰጣት። "አንብብ" አላት።

ሦስተኛው ኢሜይል ነው፤ ቀኑን ጠብቆ ደረሰ። ራሷ የጫነችው ነው፣ ሰዓቱን ራሷ የሞላችው። ጮክ ብላ አነበበችው። "'ዐወድ አሁንም በርዎ ላይ ቆሟል። ለመጨረሻ ጊዜ ይለምንዎታል።'"

ዐወድ ክፍሉን ቃኘት አደረገ። "በር ላይ ማን ቆመ? እኔ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ" አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

ሐሴት ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ሦስቱንም ኢሜይሎች አጠፋቻቸው፤ ለነገ ወረፋ የያዙትንም ሰረዘች። ከዚያ ተነስታ ኦሊያድ እጅ ውስጥ ያለውን ብር ወሰደች። አልታገላትም፤ ምን እንደምታደርግ አልገባውም ነበር።

"ጋሽ ዐወድ፣ የላክሁት እኔ ነኝ" አለች። "የጻፈው ሌላ ነው፣ ሰዓት ሞልቼ የላክሁት ግን እኔ ነኝ፤ ቃሌንም የበላሁ እኔ ነኝ። ዛሬ አብሬዎት እሄዳለሁ። ለሰዉ እኔ እነግረዋለሁ፣ ብሩንም እመልሳለሁ።"

ዐወድ ይቅር ያላት አይመስልም። "መኪና አለ። ና" አለና ተነሳ።

"ሐሴት፣ የት ነው የምትሄጂው? ሥራ ሰዓት እኮ ነው" አለ ኦሊያድ። ሐሴት ነጠላዋን አነሳች። በሩ ጋ ሲደርሱ "እሺ፣ ፎቶውን እንቀይረው" አለ። ደረጃውን ወረዱ። መንገዱን ተሻግረው የመንጌ መኪና ወደሚቆምበት ሲሄዱ ከኋላ ሱቁ ደጅ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ሐሴት! እሺ ተመለሺ! ማጓጓዣውንም ከላይ እንጽፈዋለን! ደሞዝሽንም እናያለን!"

ገበያ የወጣው ሰው ሻጭ ገዢን የሚጠራ መስሎት ዞር ዞር እያለ አየ። ሐሴት አልዞረችም። ዋጋ ልታስቀንስ አልነበረም የወጣችው።